ሦስት መቶ ሰማንያ አምስቱ ጓጉንቸሮች

የሂሳብ ሹሙ ከሚስቱ ቀጥሎ የሚወደው ነገር ቢኖር በኮምፒዩተር የሠራውን የዕቃ ሠንጠረዥ ነው፤ ስለ ቅደም ተከተሉ ግን ሚስቱም እርግጠኛ አይደለችም። በየረድፉ የነበረው፣ የገባው፣ የወጣው፣ የቀረው፣ ከዚያም የቀረው በነጠላ ዋጋው ተባዝቶ ይሰፍራል። ዳር ላይ አንዲት ሣጥን አለች፤ የነበረውና የገባው ተደምሮ፣ የወጣው ተቀንሶ ከቀረው ጋር ከገጠመ አረንጓዴ ለብሳ «ልክ ነው» ትላለች። በአራት ዓመት አንድም ቀን ቀልታ አታውቅም። ሹሙም ይህን ለመጣ ለሄደው ያሳያል።

እትዬ ሚዛን የዚያው የግንባታ ድርጅት ግምጃ ቤት ጠባቂ ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት አገልግለው ጡረታ ሊወጡ የቀራቸው ክሊራንስ ብቻ ነበር። ሐሙስ ዕለት ሹሙ ጠራቸው።

«እትዬ፣ ሠንጠረዡ አምስት መቶ ስልሳ አምስት ጓጉንቸር ይላል። እርስዎ የቆጠሩት መቶ ሰማንያ ነው።»

«የዕቃ መመዝገቢያ ካርዴም መቶ ሰማንያ ነው የሚለው።»

«ካርድዎ በእስክሪብቶ ነው፤ ይሄ ኮምፒዩተር ነው። እስከ ሰኞ ካልተሟላ ክሊራንስ የለም።»

ሦስት ጊዜ መልሰው ቆጠሩ። ሦስቴም መቶ ሰማንያ። ግን አረንጓዴዋን በዓይናቸው አይተዋል፤ እንግዲህ የደከመው ዓይናቸው፣ የዛገው ጭንቅላታቸው መሆን አለበት። በስተርጅና ሌባ ከመባል ሞት ይሻላል ብለው የልብስ ስፌት መኪናቸውን ሸጡ፣ ለልጃቸው መዳሪያ ያስቀመጡትንም ጨመሩበት። ቅዳሜ ሦስት መቶ ሰማንያ አምስት ጓጉንቸር በሰባ ሰባት ሺህ ብር ገዝተው መደርደሪያው ላይ ደረደሩ። ከግምጃ ቤት ዕቃ ሰርቆ የሚያወጣ ሞልቷል፤ በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ፣ ተደብቆ የሚያስገባ ግን እሳቸው የመጀመሪያዋ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ሰኞ ኦዲተር መጣች። ቀጭን፣ ወሬ የማትወድ ልጅ ናት። ቆጠረች፤ አምስት መቶ ስልሳ አምስት። ሹሙ ለእትዬ ሚዛን «አላልኩዎትም?» በሚል ዓይን ፈገግ አለ።

ኦዲተሯ ሠንጠረዡ ፊት ተቀመጠች። የጓጉንቸሩ ረድፍ የነበረ 120፣ የገባ 480፣ የወጣ 35፣ የቀረ 565 ይላል፤ በሁለት መቶ ሂሳብ 113,000 ብር። የገባው ላይ አንድ ሚሊዮን ጻፈች።

ሣጥኗ አረንጓዴ ሆና ቀረች። ልክ ነው።

«ምን መሆኑ ነው?» አለ ሹሙ።

«የቀረውን ቆጥራችሁ አልሞላችሁትም፤ ሠንጠረዡ ራሱ ደምሮ ቀንሶ ይጽፈዋል። ሣጥኗ ደግሞ ያንኑ መልሳ ደምራ ቀንሳ ከራሱ ጋር ታስተያየዋለች። በምን ትጣላ?»

የገባውን ወደ 480 መለሰችና የቀረው ላይ በእጇ የቆጠረችውን አስገባች። አሁንም አረንጓዴ። ሹሙ ነፍሱ መለስ አለችለት። ልጅቷ ግን የዕቃ ወጪ ደረሰኞቹን ጠየቀች። እትዬ ሚዛን በጉልህ ጽፈዋቸዋል፤ በድምሩ ሠላሳ አምስት ካርቶን። ሹሙ ቁጥሯን ወስዶ ካርቶኗን ትቷታል። ሌላው ሁሉ ግን የተመዘገበው በፍሬ ነው።

«ካርቶኑ አሥራ ሁለት ፍሬ ይይዛል፤ የወጣው አራት መቶ ሃያ ነው» አለችና አስተካከለች። ሣጥኗ በአራት ዓመቷ ቀላች። «መቅረት ያለበት መቶ ሰማንያ ነው። ታዲያ ይሄ ሦስት መቶ ሰማንያ አምስት ከየት መጣ?»

እትዬ ሚዛን ካርቶን ላይ ቁጭ አሉና ከጡታቸው ሥር የሱቁን ደረሰኝ አወጡ። ካርዳቸው ልክ ነበር፤ እጃቸውም ልክ ነበር። አለቀሱ።

ሹሙ ካፈርኩ አይመልሰኝ አለ። «እንግዲህ ትርፍ ዕቃ የድርጅቱ ነው። በስጦታ እንመዝግበው፤ የምስጋና ደብዳቤም ይጻፍላቸዋል።»

«የተገዛው በእሳቸው ስም ነው፤ የድርጅቱ ንብረት አይደለም፤ ከቆጠራው ይወጣል» አለች ኦዲተሯ። የቀረው ላይ 180 ጻፈች፤ 36,000 ብር። አረንጓዴ፣ ያውም የምሯን። ክሊራንሱም በዚያው ተፈረመ።

እትዬ ሚዛን ሱቁ ጋ ደወሉ። የተሸጠ ዕቃ አይመለስም አላቸው። ስልካቸውን አስቀምጠው ዕንባቸውን ጠረጉ፤ ጓጉንቸሮቹ በበሩ እንዲወጡ የመውጫ ወረቀት ሞሉ፤ ሦስት መቶ ሰማንያ አምስት፤ አጠገቡም «ፍሬ»።

ሹሙ ሊፈርም እስክሪብቶውን መዘዘ። ወረቀቱን ሳብ አደረጉበት። ሃያ ስድስት ዓመት ማንንም አለቃ «አንተ» ብለው አያውቁም።

«መጀመሪያ ቁጠር» አሉት።

«እትዬ፣ ደረሰኙ እኮ…»

«በእጅህ!»

ኦዲተሯን ቢያያት ቦርሳዋን እያሰናዳች ነው። መደርደሪያው ሥር በርከክ አለ። መቶ አርባ ላይ ሲደርስ ስልኩ ጮኸ፤ አነሳና ዘጋ፤ ከዚያ ቁጥሩ ጠፋበት።

«ስንት ደርሼ ነበር?»

እትዬ ሚዛን ካርቶናቸው ላይ ተደላድለው ተቀመጡ። «ከአንድ ጀምር» አሉት።