ቆቡን አታሳድግ

እትዬ ዛምፊራ በከተማው ቴአትር ቤት ሠላሳ አራት ዓመት አልባሳት ሲነድፉ ኖረው ስማቸው አንድም ቀን ፖስተር ላይ ወጥቶ አያውቅም። የደራሲው ይወጣል፣ የአዘጋጁ ይወጣል፣ አንዴማ የመብራት ሠራተኛው ሳይቀር ወጥቶ ነበር። ጡረታ በወጡ በዓመቱ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት ኮርኔሊያ መጥታ፣ «የልጆቹን ቴአትር ያልብሱልን፣ ስምዎን ፖስተሩ ላይ እናወጣለን» ስትላቸው፣ እስቲ ላስብበት ያሉት ለወጉ ያህል ነው።

ቴአትሩ «ባለ ቆቡ መጣ» ይባላል። ዘመኑ የዛሬ ሁለት መቶ ሠላሳ ዓመት ነው፤ የቡካሬስት መኳንንት በርሜል የሚያህል የጠጉር ቆብ ደፍተው የሚንጎማለሉበት። አንድ ምስኪን ጸሐፊ የጌታውን ቆብ ሰርቆ ይደፋና አገር ምድሩ ይሰግድለታል። ሌላ ነገር የለውም፣ ነገሩ ያ ነው።

ማክሰኞ ዕለት አራቱ ተዋንያን፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ የሰነድ አረጋጋጩና የጎማ ቤቱ ባለቤት ልጆች እንደ መኳንንት፣ አንዲት ልጅ ደግሞ እንደ ጸሐፊው፣ ለብሰው ፎቶ ተነሡ። ፖስተሩ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ማተሚያ ቤት መግባት ነበረበት። እትዬ ዛምፊራ መነጽራቸውን ወልውለው ለፎቶ አስተካካዩ ለኦክታቭ ጻፉለት። ኦክታቭ የሠርግ ፎቶ እያሳመረ የሚኖር ሰው ነው፤ በከተማው ውስጥ እሱ አገጩን ያላሳነሰለት ሙሽራ የለም። እትዬ ዛምፊራን ያሳሰባቸውም ይኸው ነው።

«ኦክታቭ ልጄ፣ ከአርባ ሰባተኛው ፎቶ ሌላ እንዳትነካ። በሌሎቹ ሁሉ የሰነድ አረጋጋጩ ልጅ አፉን ከፍቶ የጥርሱ ሽቦ ይታያል፤ በዚያ ዘመን ጥርስ ይነቀላል እንጂ አይታሰርም።

«ቆቦቹ ካርቶንና ሽቦ ናቸው። ያለበስኳቸው ሰው ሠራሽ ጠጉር በመብራቱ አረንጓዴ መስሏልና ወደ ሞቅ ያለ ቡናማ መልሰው። ከጀርባው ነጥለህ ስታወጣው ዳሩን በመቀስ እንደተቆረጠ ጥርት አታድርግብኝ፤ ጠጉር ዳሩ ላይ ይበተናል፣ በቀጭን ብሩሽ ዘለላ በዘለላ አውጣው። የቀሚሶቹ ሐር ሐር አይደለም፣ የኮት ገበር ነው። ጨርቁን አታለስልሰው፤ እጥፋቱ ከጠፋ ገበርነቱ ይጋለጣል። የመቀነቱ ቀይ ወደ ብርቱካን እንዳይሸሽብህ፣ የጨርቁን ቁራጭ ከግራጫ የቀለም መለኪያ ካርድ ጎን አንስቼ ልኬልሃለሁ። መጀመሪያ ካርዱ ግራጫ ሆኖ እስኪታይ አስተካክል፣ ቀዩ ራሱ ተከትሎ ይመጣል።

«የጥርስ ሐኪሙ ልጅ ብብት ሥር ያለውን ዚፕ አጥፋው። የጸሐፊው ትከሻ ላይ ያለውን መርፌ ቁልፍም። ስኒከሮቹን ቢጫ አድርገህ ጫፋቸውን አሹል፤ መኳንንቱ ቢጫ ነበር የሚጫሙት። የጺሙ ሙጫ ጆሮ ሥር ያብለጨልጫል፣ አደብዝዘው።

«ከሁሉም በላይ ግን፣ ቆቡን አታሳድግ፤ አታሳንስም። የቆቡ ስፋት ማዕረግ ነው። ትልቁ ቆብና ሙሉው ጺም የታላቁ መኮንን ብቻ ነው። የሁለተኛው በአራት ጣት ያንሳል፣ ከአፍንጫው ሥር ካለችው ሪዝ በቀርም ጺም አልተፈቀደለትም። የሦስተኛው በስምንት ጣት ያንሳል። የጸሐፊው ቡጢ ታህላለች። ይህ ልዩነት ጠፋ ማለት ቴአትሩ ጠፋ ማለት ነው።»

ኦክታቭ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ደርሶት አያውቅም፤ ቢበዛ «ቀጭን አድርገኝ» ነው የሚሉት። ገርሞት ለኮርኔሊያ አስተላለፈላት። ኮርኔሊያ ደግሞ «በምን ያህል ጥናት እንደምንሠራ ተመልከቱ!» ብላ የወላጆች የስልክ ቡድን ውስጥ ለጠፈችው።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ለወላጆቹ ቆብ ቆብ ነበር።

ቀድሞ የጻፈው ሰነድ አረጋጋጩ ነው። «ይቅርታ፣ ሁለተኛ የተባለው የእኔ ልጅ ነው እንዴ?»

«ሦስተኛው ደግሞ የእኔ መሆኑ ነው?» አለ የጎማ ቤቱ ባለቤት። «ስምንት ጣት ማለት የማን ጣት ነው?»

ሰነድ አረጋጋጩ ረቡዕ ጠዋት ኦክታቭ ዘንድ ሄዶ የልጁን ቆብ ከጥርስ ሐኪሙ ልጅ ቆብ ጋር እኩል አስደረገ። ጥርስ ሐኪሙ ሰምቶ በምሳ ሰዓት ደረሰ። «እኔ ለራሴ ብዬ አይደለም፤ ለታሪክ ነው። ባለሙያዋ ራሷ ጽፋዋለች፣ ታላቁ በአራት ጣት ይበልጣል።» አራት ጣት ተጨመረለት። የጎማ ቤቱ ሰው ግን ቁጥር አልጠራም። ኦክታቭ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀምጦ፣ «ንፋ፣ ንፋ፣ ገና ነው» ይል ነበር።

እትዬ ዛምፊራ ነገሩን የሰሙት ኮቭሪግ የሚሉትን ቀለበት ዳቦ ሲገዙ ከሻጯ ነው። እዚያው ቆመው ደወሉ።

«አንቺ ኮርኔሊያ፣ የጻፍኩትን ለሕዝብ አንብቢልኝ አልኩሽ?»

«እትዬ፣ ሰዉ እኮ በጣም ነው የተሳተፈው!»

«ቆቡን እየነፉት እኮ ነው!»

«በድምፅ ተወስኗል። አሥራ ዘጠኝ አውራ ጣት ተሰጠ፣ ተቃውሞ የለም።»

«የቴክላ አያትስ ተጠየቁ?»

ቴክላ ጸሐፊውን የምትጫወት፣ ሪዝ የተሳለላት ልጅ ናት። አያቷ የባቡር ማቋረጫ ጠባቂ ናቸው፤ ስልካቸው ጥሪ ከመቀበልና ከመደወል በቀር ምንም አያውቅም።

«እሳቸው ቡድኑ ውስጥ የሉም» አለች ኮርኔሊያ።

«እንግዲያው ስሜን ሰርዢልኝ። በገዛ ስሜ መሳቂያ አልሆንም።»

«ውይ እትዬ! ሠላሳ አራት ዓመት ጠብቀው?»

ይህቺ ቃል ልባቸው ገባች። እስከ ማግስቱ እኩለ ቀን ሊያስቡበት ስልኩን ዘጉት።

ሐሙስ ለስድስት ሰዓት ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ኦክታቭ ቤት ገቡ። ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ «ክፈተው። በሙሉ መጠኑ» አሉ።

ከፈተው። ሦስቱ ቆቦች ተነፍተው ተነፍተው እርስ በርስ ተደራርበዋል፤ አንድ ትልቅ ቡናማ ደመና ሆነዋል። የቴአትሩ ርእስ ቦታ አጥቶ ወደ ግርጌ ወርዷል። የሰነድ አረጋጋጩ ልጅ ቆብ የጥርስ ሐኪሙን ልጅ ዓይን ከድኖታል፣ የጥርስ ሐኪሙ ልጅ ቆብ የጎማ ቤቱን ልጅ እስከ አገጩ ውጦታል። የጎማ ቤቱ ልጅ ቆብ ደግሞ የሰነድ አረጋጋጩን ልጅ ፊት ጥላ አልብሶታል። ዳር ላይ ቡጢ የምታህል ቆብ ያደረገችው ቴክላ ብቻ ፊቷ እንደ ጨረቃ ወለል ብሎ ይታያል፤ ሪዟ ሳይቀር በትዕቢት ቀና ብላለች።

«ወላጆቹ ይህን አይተውታል?»

«ሦስቱም አጽድቀዋል። የሚያዩት እኮ ቆቡን ነው» አለ ኦክታቭ አንገቱን ደፍቶ። «ዳሩን ግን ዘለላ በዘለላ ነው ያወጣሁት፣ እትዬ። ቀዩንም በካርዱ ለክቼዋለሁ።»

እትዬ ዛምፊራ ጎንበስ አሉ። እውነቱን ነው፤ ጠጉሩ ይበተናል፣ ቀዩ ቀይ ነው፣ ዚፑ የለም። ጫማዎቹ ሹል ናቸው። የዘመኑ መኳንንትም እንዲሁ ሲፎካከሩ በር አላስገባ እስኪላቸው ድረስ ቆባቸውን ያሳድጉ እንደነበር ትዝ አላቸውና ትከሻቸው በሳቅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ኦክታቭ የሚያለቅሱ መስሎት ውኃ ሊያመጣ ተነሣ።

«ቁጭ በል፣ ደህና ነኝ። በሠላሳ አራት የሥራ ዓመት ውስጥ እንዲህ ለዘመኑ የታመነ ሥራ አልሠራሁም።»

«እና ስምዎን ልሰርዘው ወይስ ይቆይ?»

«ይቆይ እንጂ! ምን ሆነህ ትሰርዘዋለህ?» እስክርቢቶ ይመስል ጣታቸውን ከቴክላ እግር ሥር ቀሰሩ። «እዚህ ጋ ጻፈው።»

«መጠኑስ? ኮርኔሊያ ትልቅ ይሁን ብላለች።»

«የጸሐፊውን ቆብ ያህል።»

ኦክታቭ ለክቶ ጻፈው። እትዬ ዛምፊራ መነጽራቸውን አውልቀው ራቅ ብለው አዩት፤ ከዚያ መልሰው አደረጉ፣ ቀረብ ብለው አዩት።

«እስቲ» አሉ ድምፃቸውን ቀንሰው፣ «በአንድ ጣት ጨምርልኝ።»