ከጽሑፉ ጋር የሄደው ደብዳቤ

ለአዲስ አበባው የሕክምና መጽሔት አዘጋጅ ከጥናት ጽሑፉ ጋር የሚላከውን ደብዳቤ ኦይታ ሰባት ጊዜ ጻፈው፤ ስድስቱን ቀደደ። ኦይታ ከጫሞ ሐይቅ አቅራቢያ፣ ሴቻ በተባለው ሰፈር ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የወባ መርማሪ ነው፤ ያላየውን ቁጥር ከሚጽፍ ጣቱ ቢቆረጥ የሚመርጥ ሰው። በጫሞ ዳር ዲዲቲ በተረጨባቸው ቤቶች 212 ሰው መርምሮ 31ዱ፣ ባልተረጨባቸው 198 መርምሮ 43ቱ ወባ ተገኝቶባቸዋል።

«ልዩነቱ ከመቶ ሰባት ግድም ነው» ይላል ደብዳቤው። «ርጭቱ ምንም ባይጠቅም እንኳ፣ ይህን ያህል ወይም የበለጠ ልዩነት ከመቶ ስድስት ጊዜ ያህል በአጋጣሚ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ በእርግጥ ጠቅሟል አንልም፤ ርጭቱ ሳይቋረጥ በብዙ ሕዝብ ላይ ይጠና እንላለን።» የልቡ ነገር ያቺ «ሳይቋረጥ» የምትለው ናት። የጫሞ ዓሣ አጥማጆች ከርጭቱ ሌላ የወባ መከላከያ ምን አላቸው?

ኃላፊው ጓድ ባዘዘው አንብቦ ፊቱን አጨፈገገ። አሥረኛው የአብዮት በዓል ደርሷላ!

«ይህ ደብዳቤ ነው ወይስ ኑዛዜ? ከመቶ ሰባት ይዤ ሰው ፊት ልቁም?»

«ጓድ፣ የተገኘው ይኸው ነው።»

«ቁጥርህን ማን ነካብህ? ጽሑፉ እንዳለ ይሂድ። ደብዳቤውን የምፈርመው ግን እኔ ነኝ።»

ለታይፒስቷ ለሸዋነሽ ቆሞ አጻፈ፦ «በጫሞ ዳር ወባ ላይነሳ ተደምስሷል።» እንደ መሥሪያ ቤቱ ወግም ግልባጭ ለሚኒስቴሩ፣ ለፓርቲ አደራጅ ኮሚሽኑ፣ ዲዲቲ ለሚያድለው ክፍል፣ ብቻ ማኅተም ላለው ሁሉ! ጽሑፉ አንድ ቦታ ሄደ፤ ደብዳቤው ሰባት ቦታ። ኦይታ አንጀቱ አረረ፤ ግን በዚያ ዘመን ከጓድ ጋር ተሟግቶ በሰላም ቤቱ የገባ ስንት ነው? ያልተላከችውን ደብዳቤውን አጣጥፎ መሳቢያው ውስጥ አስቀመጣት።

ከሁለት ወር በኋላ ከዲዲቲው ክፍል መልስ መጣ። «በድሉ እንኳን ደስ ያላችሁ። ለእናንተ የተመደበው ዲዲቲ ከረጪዎቹ ጋር ወባ ወዳልተደመሰሰበት አካባቢ ተዛውሯል።»

ጓድ ባዘዘው ላብ በላብ ሆኖ ኦይታ ክፍል ገባ።

«ኦይታ ወንድሜ፣ ያቺን ከመቶ ሰባቷን ደብዳቤ አልጣልካትም አይደል?»

አልጣላትም። ጓድ አንዲት ነጥብ ሳይነካ ፈረመባት፤ ለሰባቱም ተላከች። ምን ዋጋ አለው፤ ዲዲቲው ከተጫነ ሰንብቷል።

መስከረም ሲጠባ የአዘጋጁ መልስ ደረሰ። «የመጀመሪያው ደብዳቤ ከጽሑፍዎ ጋር ስለማይስማማ ትተነዋል፤ በሁለተኛው ተማምነን ጽሑፉን እናትማለን። እንዲህ በጥንቃቄ የቀረበ ሥራ ብዙም አይደርሰንም። የዘንድሮውንም የተረጩና ያልተረጩ ቤቶች አወዳድረው ቢልኩልን ደስ ይለናል።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ኦይታን በደስታ እንቅልፍ ባልወሰደው ነበር። ከደጅ ግን ከጫሞ የመጡ በሽተኞች ጋቢ ደራርበው እየተንቀጠቀጡ ተራ ይጠብቃሉ። ብዕሩን አነሳ፤ ይህን ደብዳቤ አንዴ ብቻ ጻፈው።

«የተከበሩ አዘጋጅ፣ ዘንድሮ ማወዳደር አልችልም። አንድም የተረጨ ቤት የለንም።»