የእማማ ሀጂራ ሸራ

በድሪያ ከወለደች ሃያ ሦስት ቀኗ ነበር። አርባው እስኪሞላ ከአራስ ክፍሏ ደጃፍ አታልፍም፤ ባሏ አብዱልመናን እንኳ የሚጠይቃት ከመጋረጃ ማዶ ቆሞ ነው። መስኮቱ ምች እንዳይገባ በጨርቅ ተጠቅጥቋል። በዚያ ላይ የአዳማ ሙቀት! ጎረቤት ነኝና ቀን በቀን እገባለሁ፤ ስወጣ ግን ከድስት እንደወጣ ሥጋ ነኝ።

አማቷ እማማ ሀጂራ በጽዳት አይታሙም። ፍራሹ እንዳይበሰብስ ብለው ከጭነት ሸራ ቀደዱና በልጁ የሽንት ጨርቅ ላይ ጠፍረው አሰሩት። ፍራሹ ዳነ። ልጁ ደሊል ተቀቀለ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ሲጀምር የቀላው ቂጡና የጭኑ ውጪ ብቻ ነበር። ባቡር ጣቢያ ሄጄ ሠራተኞቹን የሚያክሙትን አቶ ወዬሳን ጠየቅሁ። ነጭ የዚንክ ቅባት ሰጡኝ። «ሽንቱና ሰገራው ቆዳውን አቃጥሎት ነው። ቶሎ ቶሎ ቀይሩት፣ አድርቁት፣ ይህን ቀቡት፤ እርጥበቱን ከቆዳው ያግዳል» አሉ። ስለ ሸራው አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኋቸውም። በሦስት ቀን ዳነ። እኔም ሐኪም ሆንኩ፤ ሰፈር ውስጥ ያሳለ ሁሉ ወደኔ መጣ።

ከዚያ ሽፍታው ተመለሰ። ቅባቱን እንደ ቤት ግድግዳ ለሰንኩት። አንድ ቀን፣ ሦስት ቀን፣ አምስት ቀን፤ እየባሰ ሄደ። ልጁ ጡት ይይዝና እያለቀሰ ይለቃል።

«ወተቷ ነው» አሉ እማማ ሀጂራ። «ወተቷ ተቃጥሏል። ሐሙስ በቅሎ ትመጣለች፤ ልጁን አርሲ ለልጄ ለፋዲላ እወስደዋለሁ። እሷም ታጠባለች።»

በድሪያ ክንዴን ያዘች። «እትዬ ሽታዬ፣ ሐሙስ ሲወስዱት እንኳ በሩ ላይ ቆሜ አላየውም። አርባ እስኪሞላ እንዴት ልከተለው?»

«እኔ ደግሞ ምን አለኝ? ቅባት ብቻ ነው ያለኝ» አልኩና አፈርኩ። ወጥቼ ግን ወደ ጣቢያ ሮጥኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ ሮጥኩ።

አቶ ወዬሳ መጡ። ወንድ አራስ ክፍል አይገባም፤ በግቢው በር ላይ ቆሙ። እኔ እየገባሁ እያየሁ፣ እየወጣሁ ነገርኋቸው።

«የቀላው የት ነው? ቂጡ ላይ ነው ወይስ እጥፋቱ ውስጥ?»

ገባሁ። ደሊልን ገለጥን። «እጥፋቱ ውስጥ ነው። ብሽሽቱ እንደ ጥሬ ሥጋ ቀልቷል።»

«ዳሩስ? ተለይተው የተበተኑ ትንንሽ ቀይ ነጠብጣቦች አሉ?»

እንደገና ገባሁ። «አሉ፣ ከዋናው ተለይተው እስከ ጭኑ።»

«አፉን ክፈቺ። ነጭ ነገር አለ? ሲጠርጉት የማይለቅ?»

ጣቴን በንጹህ ጨርቅ ጠቅልዬ ምላሱን ጠረግሁ፤ አልለቀቀም። በድሪያ በቀስታ፣ «የጡቴ ጫፍም ያቃጥለኛል፤ ስለ ወተቴ ያሉት እውነት እንዳይሆን ብዬ ደበቅኩ» አለችኝ።

ይህንን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህ በሽንት መቃጠል አይደለም። እንደ እርሾ ያለ ረቂቅ ሻጋታ ነው፤ ሙቅና እርጥብ እጥፋት ይወዳል። ቅባት እርጥበትን ያግዳል እንጂ እሱን አይገድልም። እናትና ልጅ እየተቀባበሉት ነው። ወተቷ ምንም አልሆነ።»

«ታዲያ ከየት መጣ?» አሉ እማማ ሀጂራ፣ ከመጋረጃው ብቅ ብለው።

«አዴ ሀጂራ፣ ልጁን በምን ታስሩታላችሁ?»

እማማ ሀጂራ መጋረጃውን ማስተካከል ጀመሩ። እኔም ልሸሽገው ነበር፤ ግን ለሐሙስ ሁለት ቀን ብቻ ነው የቀረው። «በጭነት ሸራ» አልኩ።

«አቤት! እርሾ ሲቦካ ምን ይፈልጋል? ሙቀት፣ ክዳን።»

ወይን ጠጅ ቀለም ያለው መድኃኒት ሰጡን፤ በጥጥ ለአፉ፣ ለእጥፋቱና ለእናቱ ጡት። ሸራው ይውጣ፣ ልጁ በሰፊው ይገለጥ፣ በየጊዜው ይድረቅ አሉ። «አምስት ቀን ስጡኝ፤ ካልተሻለው ራሴ በቅሎዋን እስባለሁ።»

እማማ ሀጂራ ማስቀባት አልፈለጉም፤ እኔና በድሪያ ግን ሸራውን አውጥተን ቀባነው። ሐሙስም እንዳሉት በቅሎዋ መጥታ ግቢ ውስጥ ታሰረች። ደሊል በዚያን ጧት አፉ ወይን ጠጅ ሆኖ፣ ቅንድቡ ሁሉ ተነክሮ፣ ጡት ይዞ ሳይለቅ ጠባ። እማማ ሀጂራ ቆመው እስኪጠግብ ጠበቁ። ከዚያ ብሽሽቱን ገለጡ፤ ዳሩ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች ደብዝዘዋል።

«አንቺ፣ ይህ ልጅ የቀለም ሻጭ ይሆናል እንዴ?» አሉኝ፣ ወደ በድሪያ ሳያዩ።

ወጥተው በልጁ ፈንታ ሸራውን በቅሎዋ ጀርባ ላይ አሰሩና ባለበቅሎውን አሰናበቱ። ተመልሰው በመስኮቱ የተጠቀጠቀውን ጨርቅ አንድ ጥግ ሳቡት፤ መዳፍ የምታህል ብርሃን ገባች።

በድሪያ ደሊልን ወደ ብርሃኑ አስጠጋችው። አርባ እስኪሞላ አሥራ አምስት ቀን ይቀራታል።