የመታጠፊያው ቀለብ

«ሦስተኛው ሳጥን ካልገባ ጋሼን ከማጠፊያው አወርዳቸዋለሁ» አለኝ ኢንጂነሩ። ጋሼ የሚለው አባቴን ነው። የሥዕል ክፍሌን በር ከፍቶ፣ አንድ እግሩን ውስጥ አንዱን ውጭ አድርጎ ነው የተናገረው፤ ክፉ ነገር ሲናገር ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚቆመው። «እኔም ደስ ብሎኝ አይደለም። በር ላይ ወንበር እሰጣቸዋለሁ፤ ገቢና ወጪ ይመዘግባሉ።»

አባቴ በር ላይ! ሠላሳ ዓመት ላሜራ ሲያጥፍ የኖረ ሰው፣ ሠራተኛው ሁሉ «ውኃ ልክ» ብሎ የሚጠራው ሰው፣ የመኪና ታርጋ ሊመዘግብ። ደሜ ፈላ፤ ግን ምን ልበል? ሁለት ሳጥን ተበላሽቷል፤ ሁለቱንም ያጠፈው እሱ ነው።

ሳጥኑ የአንድ ዳቦ ቤት ማቡኪያ ማሽን መቆጣጠሪያ የሚቀመጥበት ነው። ከባድ ነገር የለውም። ሦስት መቶ ሚሊ የሚሰፋ ወለል አለው፤ በግራና በቀኙ ወደ ላይ የሚታጠፉ አርባ አርባ ሚሊ ክንፎች፣ ክንፎቹ ላይ ደግሞ የብሎን ቀዳዳዎች አሉ። ደንበኛው የማሽኑን አካል አምጥቶ ወርክሾፓችን መሀል አቁሞታል። ሳጥኑ ሦስት መቶ አንድ ሚሊ በሆነች ክፍተት ገብቶ ቀዳዳዎቹ ከአካሉ ቀዳዳዎች ጋር መግጠም አለባቸው። በቃ፣ ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ሳጥን እልል ብሎ ገባ፤ ቀዳዳዎቹ ግን አንድ ሚሊ ያህል ወደ ላይ ሸሹ፤ ብሎኑ እምቢ አለ። ኢንጂነሩ «የክንፉን ቁመት ልክ አርባ አድርጉልኝ» ብሎ አዘዘ። ሁለተኛው ቀዳዳው ልክ ሆነ፤ አሁን ደግሞ ወገቡ ሁለት ሚሊ ያህል ሰፋና ጭራሽ አልገባም።

«አየሽ» አለ ኢንጂነሩ፣ «አንዴ ክንፉ ይረዝማል፣ አንዴ ወገቡ ይሰፋል። ይሄ የዓይን ነገር ነው።»

ደንበኛው አሥር ሰዓት ላይ ይመጣል። የቀረን ላሜራ አንድ ሳጥን ብቻ የሚወጣው ነው። ሰዓቱ ስድስት ተኩል ነበር።

ኮምፒውተሬ ፊት ተቀመጥኩና ሥዕሉን ከሀ እስከ ፐ መረመርኩት። ወለሉ ሦስት መቶ፣ ክንፎቹ አርባ፣ ውፍረቱ ሁለት። ማዕዘኖቹ ላይ ላሜራው ሲታጠፍ እንዳይቀደድ የምንተውላት ትንሽ መተንፈሻ አለች፤ እሷም በቦታዋ ነበረች። ሳጥኑን ዘረጋሁት። ዝርጉ፣ ማለትም ሌዘሩ የሚቆርጠው ሳይታጠፍ የተነጠፈው ቅርጽ፣ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ ሦስት መቶ ሰባ አራት ነጥብ ሦስት ይላል። ሌዘሩም የቆረጠው ያንኑ ነው፤ ለክቼዋለሁ። እኔ ልክ፣ ሌዘሩ ልክ። ታዲያ ማን ቀረ?

በመስታወቱ ወደ ማጠፊያው ተመለከትኩ። አባቴ ካሊፐሩን፣ የሚሊ መለኪያውን፣ ወደ ፊቱ አስጠግቶ፣ ራቅ አድርጎ፣ እንደገና አስጠግቶ ያያል።

ከስድስት ወር በፊት፣ እንደተቀጠርኩ፣ አንድ ቀን የጠየቀኝ ትዝ አለኝ። ወረቀቱን አንስቶ፣ «ልጄ፣ ለመታጠፊያው ስንት ቀለብ ሰጠሽው?» አለኝ። ቀለብ የሚለው ላሜራ ሲታጠፍ ጥጉ ላይ የሚበላትን ልኬት ነው። ማዕዘኑ ክብ እንጂ ሹል ስላልሆነ፣ የወለሉንና የክንፉን የውጭ ልክ ደምረህ ብትቆርጥ ላሜራው ይተርፋል፤ የሚተርፈውን አስቀድመህ መቀነስ አለብህ። እኔም፣ ጥጋብ ነው መቼም፣ «አባዬ፣ ኮምፒውተሩ እኮ ያውቀዋል» አልኩት። «እሱ ካወቀ ጥሩ» አለና ሄደ። ሁለተኛ አልጠየቀኝም።

ኮምፒውተሩ ስንት ቀንሶ ነበር? ከፍቼ አየሁ። ለአንድ መታጠፊያ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት። ይህንንም ያገኘው የጥጉን የውስጥ ክበብ ራዲየስ አንድ ሚሊ፣ ኬ ፋክተር የሚባለውን የላሜራውን የመለጠጥ ቁጥር ደግሞ ግማሽ አድርጎ ነው። አንድ ሚሊ ማን አለው? እኔ አላልኩትም። ከፕሮግራሙ ጋር ተሰናድቶ የመጣ ቁጥር ነው፤ ስድስት ወር ሙሉ ዓይኔ እያየው አልፌዋለሁ።

እየሮጥኩ ወደ ሌዘሩ ሄድኩ። ሌዘሩን የምታሠራው ጓደኛዬ ናት፤ ፍንጣሪ እንላታለን፣ በማሽኑም በአፏም። «ከቁርጥራጩ ላይ አንድ ብጣሽ ቁረጪልኝ፤ ልክ መቶ ሚሊ» አልኳት።

«መቶ ሚሊ ለምንሽ? ለመቃብርሽ ያንሳል» አለችኝና ቆረጠችልኝ።

ብጣሿን ለአባቴ ሰጠሁት። «አባዬ፣ እስቲ መሀሏ ላይ ዘጠና ዲግሪ እጠፍልኝ።» ለምን ብሎ አልጠየቀም። አሥራ ስድስት ሚሊ አፍ ባለው የማጠፊያው ሰፊ ሰርጥ ላይ አስተኛት፤ ፔዳሉን ረገጠ፤ ከላይ ቢላዋው ወርዶ ወደ ሰርጡ ገፋት። ካሊፐሩን አቀበልኩት።

«ስንት ይላል?»

ወደ መብራቱ ዞረ። «አንቺ አንብቢው፤ እጄ ዘይት ነክቷል።»

እጁ ደረቅ ነበር። ልብ አልኩ፤ ግን ቁጥሩ አጣድፎኝ አለፍኩት። አንዱ እግር ሃምሳ ሁለት። ሌላው ሃምሳ አንድ ነጥብ ስምንት። ድምሩ መቶ ሦስት ነጥብ ስምንት። መቶ የነበረች ብጣሽ! ልዩነቱ ሦስት ነጥብ ስምንት ነው፤ ትክክለኛው ቀለብ እሱ ነው። በሰፊ ሰርጥ ሲታጠፍ ጥጉ ሰፋ ያለ ክብ ይሆናል፣ ሁለት ሚሊ ተኩል ከፍ ይላል፤ የእኔ ሥዕል ግን አንድ ሚሊ ብሎ አስቦለታል። በአንድ መታጠፊያ ወደ አንድ ሚሊ ላሜራ አትርፌያለሁ። በሁለት መታጠፊያ ሁለት ሚሊ። ያ ትርፍ ወይ ክንፉ ላይ ይወጣል ወይ ወገቡ ላይ፤ የትም አይጠፋም።

ጥፋቱ የእኔ ነው።

እፎይ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ምክንያቱም ሌላ ጥያቄ መጣብኝ፦ ስድስት ወር ስንት ክዳን፣ ስንት ሳጥን አውጥተናል፤ እነሱ እንዴት ልክ ሆኑ? መደርደሪያው ላይ ቀለም የሚጠብቁ የቆዩ ክዳኖች ነበሩ። ካሊፐሩን ይዤ ሄድኩ። የመጀመሪያው፣ ወገቡ ሦስት መቶ፣ ክንፎቹ አርባ ነጥብ ዘጠኝ። ሁለተኛው፣ ሦስት መቶ፣ አርባ ነጥብ ዘጠኝ። ሦስተኛውም። አራተኛውም። ክንፋቸው ላይ ቀዳዳ ስለሌለ አንድ ሚሊ ቢረዝም ማን ይለካዋል?

ወደ እሱ ተመለስኩ። «አባዬ፣ ትርፉን ክንፉ ውስጥ ስትደብቅልኝ ነው የኖርከው?»

ጨርቅ አንስቶ ንጹሕ የሆነውን ማሽን መወልወል ጀመረ። «አዲስ ነበርሽ። ገና በመጣሽ በሳምንቱ ሥዕልሽ ተሳስቷል ልበል? ቀስ ብለሽ ትማሪዋለሽ ብዬ ነው። ቀን ቀንን ወለደው።»

«ኢንጂነሩ ዓይንህ ነው ሲልስ?»

«ይበል።»

ማልቀስ አማረኝ፤ ጊዜ አልነበረኝም። የኢንጂነሩን ቢሮ ሳላንኳኳ ገባሁ። «ስህተቱ የኔ ነው» አልኩት። «ለመታጠፊያው የምቀንሰው ልክ አይደለም። ሁለቱንም ሳጥን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተቀጠርኩ ጀምሮ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እንግዲያው» አለ፣ «ሦስተኛው ካልገባ ሁለታችሁም ከቦታችሁ ትነሣላችሁ።»

ቀለቡን ሦስት ነጥብ ስምንት ብዬ በእጄ አስገባሁ። ዝርጉ ወደ ሦስት መቶ ሰባ ሁለት ነጥብ አራት ወረደ። ሌዘሩ ማጠፊያ መስመሮቹንም አብሮ እንዳይቆርጥ ከሥዕሉ ሰረዝኳቸው፤ ቀዳዳዎቹን ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። ፍንጣሪ የመጨረሻውን ላሜራ ስታስገባ አንድም ቀልድ አልወረወረችም። ያ ከሁሉ በላይ አስፈራኝ።

ማጠፊያው ላይ ከአባቴ አጠገብ ቆምኩ። ከኋላ ያለውን ማቆሚያ፣ ላሜራው ተገፍቶ የሚደገፍበትን፣ ማስተካከል ነበረበት። «ሠላሳ ስምንት ነጥብ አንድ» አልኩት፤ ከአርባው ላይ የቀለቡን ግማሽ ቀንሼ። መዘውሩን እያዞረ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ዙሩን ይቆጥራል። ከመዘውሩ በላይ ያለውን የቁጥር መስኮት አንዴም አላየውም። አንገቴን አሰገግኩና አነበብኩ፦ ሠላሳ ስምንት ነጥብ አንድ። ደግ። ግን ደረቁ እጅ፣ «አንቺ አንብቢው» ማለቱ፣ ካሊፐሩን የሚያስጠጋ የሚያርቅበት ሁኔታ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። የቆመበት ማሽን ደግሞ ጣት ከላሜራ አይለይም።

ፔዳሉን ረገጠ። አንዱ ክንፍ ተነሣ። ላሜራውን ሲያዞር ዓይኔ ከጣቶቹ ላይ አልተነቀለም። ሁለተኛው ተነሣ።

ደንበኛው አሥር ሰዓት ሳይሞላ መጣ። ኢንጂነሩ ሳጥኑን ራሱ ተሸክሞ ወደ ማሽኑ አካል ወሰደው። በግራና በቀኝ ግማሽ ግማሽ ሚሊ ክፍተት ትቶ ገባ። ብሎኖቹ በጣት ብቻ ዞረው ገቡ። ደንበኛው «እንዲህ ነው እንጂ!» አለ። ኢንጂነሩ ተነፈሰና ወደ አባቴ ዞረ። «ጋሼ፣ ወገቡ ስንት መጣ?»

አባቴ ካሊፐሩን አነሣ። ወደ ፊቱ አስጠጋ። ራቅ አደረገ።

«ሦስት መቶ!» አልኩ እኔ፣ እንደቸኮለ ሰው። «አሁን ለክቼዋለሁ፤ ልክ ሦስት መቶ።»

ኢንጂነሩ ራሱን ነቀነቀና ከደንበኛው ጋር ሄደ።

አባቴን እጁን ሲታጠብ አገኘሁት። ቧንቧው አጠገብ ማንም አልነበረም። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

«ብረቱማ ይታየኛል። ቁጥሩ ነው የሚጨፈግግብኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ አባዬ?»

«ዓመት ሊሆነው ነው።» ቧንቧውን ዘጋ። «ለኢንጂነሩ እንዳትነግሪው።»

«አንተ ስድስት ወር ደብቀህልኛል። እኔ እስከ ነገ ጠዋት ብቻ ነው የምደብቅልህ። ነገ ሐኪም ያይሃል፤ መነጽር አድርገህ ትመለሳለህ። ያለ መነጽር እዚያ ማሽን ፊት ብትቆም እኔው ራሴ ነኝ የምናገርብህ።»

ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። ፎጣውን አቀበልኩት፤ እጁን ሲያደርቅ ጣቶቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። አሥር ነበሩ።