ሁለት መቶ ሃያ ያለው መለኪያ

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን፣ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። መዘምራኑ ኪቦርዳቸውን ሰክተው ገና አንዱን መዝሙር አላጋመሱም። የባዳቾ አጎት ጦና ነገር ሲጎድል አይቶ ዝም የማይል ሰው ነው፤ «የአባይነሽ ኢንቨርተር ጓዳ የለም እንዴ?» አለና ሁለት ጎረምሶች ላከ። ኢንቨርተሩን ከነባትሪው ተሸክመው አምጥተው ከድንኳኑ ምሰሶ ሥር አስቀመጡት።

ባዳቾ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠ አያቸው። አታንሱት ማለት ይችል ነበር፤ አፉ አልታዘዘለትም። እናቱ አባይነሽ ከሞተች ወዲህ ሰው ሲያቅፈው እንኳ የታቀፈው ትከሻ የሌላ ሰው ይመስለው ነበር። የእናቱ ስልክ ኪሱ ውስጥ ነው። በየቀኑ ይጮኻል፤ አውጥቶ አያየውም።

ድምፅ ማጉያው ሲሰካ ዝዝዝ የሚል ድምፅ ድንኳኑን ሞላው፤ ጣሳ ውስጥ የታሰረ ንብ ይመስል ነበር። ኪቦርድ የሚጫወተው ህብረት ገመዱን ነቅሎ መልሶ ሰካ። ንቡ አልሄደም። «ይቺ ደግሞ ሳትለማመድ መዘምራን ገባች» አለ ህብረት። ለቅሶ ቤት ስለሆነ የሳቁት በአፍንጫቸው ነው።

ባዳቾ አልሳቀም። ድምፁን ያውቀዋል። ማክሰኞ ጠዋት ከእናቱ አልጋ አጠገብ ሲጮኽ የነበረው ይኸው ነው።

ባዳቾ ሶዶ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ይጠግናል፤ ሙያውን ያስተማረው የለም፣ ሬዲዮ እየፈታ የለመደው ነው። የእናቱ ሳንባ ሲደክም ሐኪሞቹ የኦክስጅን ማሽን ሰጥተው ወደ ቤት ሸኟት። ማሽኑ ከአየር ላይ ኦክስጅን እየለየ በቀጭን ቱቦ ለአፍንጫ ይሰጣል፤ መብራት ከሌለ ግን ዕቃ ነው። ስለዚህ ባዳቾ ከሱቁ ኢንቨርተር አመጣ፤ የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረውን። በመልቲሜትሩ ሲለካው መቶ ሰባ አምስት ቮልት አለው። ለእናቱ የጎደለ ኃይል ሊሰጣት አልፈለገም። ክዳኑን ከፍቶ ትንሿን ማስተካከያ ብሎን በጠመዝማዥ አዞራት፤ መለኪያው ሁለት መቶ ሃያ እስኪል። አምፖል ሰካ፤ በራ። ቴሌቪዥን ሰካ፤ ሠራ። ደስ አለው።

ማክሰኞ መብራት ሲጠፋ ማሽኑን በእሱ አስነሳው። ማሽኑ እየጮኸ ሠራ፤ ጋለ፤ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ቀይ መብራት አሳይቶ ቆመ። መጠባበቂያው የኦክስጅን ሲሊንደር ለመሙላት ተልኮ ነበር። እናቱ በባጃጅ ሆስፒታል ደረሰች፤ ከበሩ ግን አላለፈችም። ሐኪሙ ሳንባዋ ከመጀመሪያውም አልቆ ነበር አለ። ባዳቾም ይህንኑ ለጠየቀው ሁሉ ይደግመው ነበር።

ከለቀስተኞቹ መካከል ትርሐስ ነበረች። ከመቀሌ ተመድባ የመጣች የሕክምና መሣሪያዎች ቴክኒሻን ናት፤ አንዳንዴ ዕቃ ፍለጋ ሱቁ ትመጣለች። ከመቀመጫዋ ተነስታ አጠገቡ በርከክ አለች።

«ማሽኑ የሚሠራው በዚህ ነበር?» አለችው በቀስታ።

በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ ከቦርሳዋ የራሷን መለኪያ አወጣች። ባዳቾም ተነስቶ ከጓዳ የእሱን አመጣ። ለምን እንዳመጣው አላወቀም፤ እጁ ነው ያመጣው። ሁለቱን በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰኩ። የእሱ ሁለት መቶ ሃያ አለ። የእሷ ሁለት መቶ አርባ ስምንት።

«ያንተ የተበላሸ አይደለም» አለች። «የመብራቱ ሞገድ ክብ ነው ብሎ ገምቶ ነው የሚያሰላው። የመንግሥት መብራት ክብ ነው፤ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ይሄ ግን ሞዲፋይድ ነው። ዘሎ ይወጣል፣ ይቆማል፣ ይወድቃል፤ እንደ ደረጃ። ያንተ መለኪያ ደረጃውን አሳንሶ ነው የሚያነበው። መቶ ሰባ አምስት ሲልህ ሁለት መቶ ሃያ ነበረ።»

«አምፖሉ በርቷል።»

«አምፖል ምን ቸገረው? ሞተር ያለው ማሽን ግን ያንን ማዕዘን ወደ ሙቀትና ወደ ጩኸት ነው የሚለውጠው። ፒውር ሳይን ነው የሚፈልገው፣ ክቡን።»

«ባልነካው ኖሮስ?»

ዓይኑን አየችው። «ባትነካውም ይግል ነበር። ስትነካው ባሰ።»

ይኼኔ የእናቱ ስልክ ጮኸ። ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አውጥቶ አየው። «መምህር አንጁሎ ቦዲቲ» ይላል። ቦዲቲ ከተማ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ማሽኑን የተቀበሉት ከእናቱ ጋር በአንድ ሳምንት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ እየተደዋወሉ ማን ስንት እርምጃ እንደሄደ ይወራረዱ ነበር። የእሳቸውንም ኢንቨርተር የሸጠው ባዳቾ ነው። የእሳቸውንም ብሎን አዙሯል።

አነሳው።

«አባይነሽ፣ ምነው ጠፋሽ?» አሉ መምህሩ፤ በየቃሉ መሃል እየተነፈሱ።

«ባዳቾ ነኝ፣ ጋሼ። እዚያ መብራት አለ?»

«ገና አሁን ጠፋ። ማሽኔ እንደ ንብ ይጮኻል። ምን አስቀየምኩት?»

ልጃቸውን ሩትን እንዲያገናኙት ጠየቀ። ማሽኑን ከኢንቨርተሩ እንድትነቅል፣ ሲሊንደሩን እንድትከፍትላቸው ነገራት። ሲሊንደሩ ስንት እንደቀረው አነበበችለት፤ ትርሐስ አስልታ ሁለት ሰዓት ቢያቆይ ነው አለች።

ሱቁ መደርደሪያ ላይ አንድ ፒውር ሳይን ኢንቨርተር አለ። ከባድ ነው፤ ዋጋው የሌላው እጥፍ ስለሆነ የጠየቀው ሁሉ ትቶት ሄዷል። ባዳቾ ጫማውን ፈለገ። ጦና ክንዱን ያዘው። የእናቱ መቃብር አፈር ሳይደርቅ፣ ሰው ከቤሌ ድረስ መጥቶ፣ ልጅየው ለቅሶ ጥሎ ወደ ሥራ ሄደ ሲባል ማን ይመልሳል? ባዳቾ ሰማው። ትክክል እንደሆነም ያውቃል። «ይበሉኝ፣ አጎቴ» አለና ክንዱን ቀስ አድርጎ አስለቀቀ።

ሚኒባሱ ላይ ኢንቨርተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ረዳቱ ወደ ኋላ ጫነው ሲለው እንቢ አለ። መንገዱን አላስታወሰውም።

ቦዲቲ ሲደርስ ሲሊንደሩ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። የመምህሩ ከንፈር ጠቁሯል። አሮጌውን ከባትሪው ፈታ፣ አዲሱን አሰረ፣ ማሽኑን ሰካ። ማሽኑ አንዴ ጢጥ ብሎ ጮኸና መተንፈስ ጀመረ። ከሱ በቀር ሌላ ድምፅ አልነበረም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አረንጓዴው በራ። ሩት ቱቦውን አዛወረችላቸው።

መምህሩ እስኪረጋጉ ጠበቁና፣ «አባይነሽ ግን ምን ሆና ነው?» አሉ።

«ማክሰኞ ዐረፈች።»

ሩት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«እሷንም ይኼው ነው?» አሉ መምህሩ፣ በአገጫቸው አሮጌውን ኢንቨርተር እያሳዩ።

«አዎ። ሳንባዋም አልቆ ነበር ይላሉ። ብሎኑን ያዞርኩት ግን እኔ ነኝ። የእርስዎንም።»

ይቅርታ ሊል አስቦ ነበር፤ ቃሉ አልመጣም። መምህሩም እግዜር ይቅር ይበልህ አላሉትም። እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው አልጋው ላይ ቦታ ለቀቁለት።

ባዳቾ ተቀመጠ። ጦና ደወለ፤ አላነሳም። መዳፉን ማሽኑ ጎን ላይ አደረገ። አርባ ደቂቃ እስኪያልፍ እጁን አላነሳም። ካለፈም በኋላ አላነሳም። ለብ ያለ ነበር፤ ከዚያ በላይ አልሞቀም። ከማክሰኞ ወዲህ እጁ ላይ አንድ ነገር ሲሰማው ይህ የመጀመሪያው ነበር።