ቤት ይለወጣል፣ ሳጥን አይለወጥም

አባቴ በሕይወቱ የሚኮራባቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ ጥርሱና የፖስታ ሳጥኑ። ጥርሱ አብሮት ተቀበረ። ሳጥኑ ግን ለእናቴና ለእኔ ተረፈን፤ መሀል ከተማ ባለው ፖስታ ቤት ግድግዳ ላይ ከተደረደሩት ትንንሽ የብረት በሮች አንዱ ነው። ሦስት ጊዜ ቤት ስንቀይር አንድም ደብዳቤ አልጠፋብንም። «ቤት ይለወጣል፣ ሳጥን አይለወጥም» ይል ነበር ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ። አድራሻ ሲጠየቅ የሳጥኑን ቁጥርና የፖስታ ቤቱን መለያ ኮድ ይጽፋል፤ ሌላ ነገር ቢጠይቁት እንደ ስድብ ይቆጥረዋል። የእናቴ ሳንባ ደክሞ ኦክስጅን ቤቷ ድረስ እንዲመጣላት ሲታዘዝም ለአቅራቢው ድርጅት የሰጠው ይህንኑ ነው።

ለዓመታት ማንም አልተቸገረም። የሒሳብ ደብዳቤው ወር በወር ሳጥኑ ውስጥ ይገባል፣ ሲሊንደሩን ደግሞ በየማክሰኞው ሽማግሌው ሹፌር ያመጣዋል። ሽማግሌው ወረቀት አያይም። የመጀመሪያው ቀን አባቴ አስፋልቱ ድረስ ወርዶ ተቀብሎት ቤቱን አሳየው፣ በቃ። ሰፈራችን ከተማው ሲያልቅ የሚጀምር ነው፤ ለመንገዱ ስም፣ ለቤቶቹ ቁጥር የሰጠ የለም። አባቴ ከሞተም በኋላ ሽማግሌው በሩ ላይ መጥቶ ሳል ይላል፣ እኔም እከፍትለታለሁ።

ከዚያ ሽማግሌው ጡረታ ወጣ። እሱ ሲወጣ ቤታችንም አብሮት እንደወጣ ያሰበ ሰው አልነበረም።

በዚያ ማክሰኞ ትልቁ ሲሊንደር ጠዋት ላይ አለቀ። እንደ ልማዳችን መጠባበቂያዋን ትንሿን ሲሊንደር ገጠምኩና መኪናው እስኪመጣ ጠበቅኩ። ፀሐዩ በረታ፣ የሚመጣ የለም። የግፊት መለኪያው መርፌ ወደ ቀዩ ሲጠጋ ወደ ድርጅቱ ደወልኩ። ስልክ ያነሳችው ልጅ በጣም ትሑት ነበረች፤ ሹፌሩ አድራሻችን ላይ ከደረሰ ቆይቷል አለችኝ። በመስኮት አየሁ። ከጎረቤት ዶሮ በቀር በሩ ላይ ማንም አልነበረም።

«የቱ አድራሻ ላይ ነው የደረሰው?» አልኳት።

«ፖስታ ቤት» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። እናቴን የሚያህል ሰው ለስንት ዓመት የሚተነፍሰው ከፖስታ ሳጥን ውስጥ ነው ብለው አስበው ይሆን? የሹፌሩን ስልክ ተቀብዬ ደወልኩለት። ምስኪን ነው፣ ገና ሁለተኛ ቀኑ። መለያ ኮዱን ስልኩ ላይ ቢጽፍ ካርታው መርቶ ፖስታ ቤቱ በር ላይ አቆመው፤ ኮዱ የዚያ ፖስታ ቤት ነዋ። ሲሊንደሩን ተሸክሞ ገባ። የመስኮቷ ሠራተኛ ሳቀችበት። ሳጥኑ በፖስታ ለመጣ ነገር ብቻ ነው፤ በፖስታ የመጣ ትልቅ ጥቅል እንኳ ቢሆን የጥሪ ወረቀት ሳጥኑ ውስጥ ይጣልና ባለቤቱ መታወቂያ ይዞ ይወስዳል፤ የሌላ ድርጅት ዕቃ ግን ፈርመን አንረከብም አለችው። የደንበኛ መኖሪያም አይነገርም። እሱ ግን የሰው ነፍስ ነው ብሎ እግሯ ላይ ሊወድቅ ደረሰ። ሳጥን የሚከራይ ሰው የሚኖርበትን ስለሚያስመዘግብ፣ ደንቡን ጥሳ ከመዝገብ አወጣችለት።

«አሁን የመንገዱ ስምም የቤቱ ቁጥርም በእጄ ነው፣ እህቴ። ልደርስ ነው፣ አይዞሽ» አለኝ።

እንዲያነብልኝ ጠየቅኩት። አነበበልኝ። የተወለድኩበት ቤት ነው፤ በከተማው ወዲያኛው ጫፍ። አባቴ ቤት ሲቀይር ለፖስታ ቤቱ አልነገረም። ምን ብሎ ይንገር፣ ሳጥን አይለወጥም።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። መንገድ ልነግረው ሞከርኩ፤ ወፍጮ ቤቱን አልፈህ፣ የውኃ ጋኑ ጋ ስትደርስ ወደ ቀኝ አልኩት። ልጁ ሰፈሩን በስም እንኳ አያውቀውም። ያለሁበትን በስልክ እንድልክለት ለመነኝ፤ የእኔ ስልክ ከመደወል ሌላ ሙያ የለውም። አስፋልቱ ድረስ ወርጄ እጠብቅሃለሁ አልኩት።

አምቡላንስም ጠራሁ። የት ነሽ አሉኝ፣ ያንኑ ወፍጮ ቤት፣ ያንኑ የውኃ ጋን ነገርኳቸው። የፖስታ ሳጥን ቁጥር የጠየቀኝ የለም። ያሉት መኪኖች ሁሉ ሥራ ላይ ናቸው፣ አንዱ እንደተለቀቀ እንልካለን አሉ።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ክር አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ሮጣ መጣች። እናቴ ጭምብሉን በሁለት እጇ ይዛዋለች፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። ትቻት መሄድ አልቻልኩም። መሄድ እንዳለብኝም አውቃለሁ። እጇን ያዝኩ፣ እሷ ግን እጇን ከእጄ አወጣችና ጭምብሉን ገለጥ አደረገች።

«ውረጂ፣ ልጄ» አለችኝ። «አባትሽም ወርዶ ነበር።»

ቀዩን የአልጋ ልብስ ጎትቼ ወጣሁ።

አስፋልቱ ዳር ቆሜ የአልጋ ልብሱን አውለበለብኩ። ያየኝ ሁሉ ሳታብድ አልቀረችም ብሎ ያልፋል፤ እውነታቸውን ነው። መሀል ላይ ያቺ ትሑት ልጅ ደወለች። ስህተቱን አግኝታዋለች። የሒሳብ መላኪያና የዕቃ ማድረሻ ለየብቻ ቦታ አላቸው፤ የእኛ ማድረሻ ባዶ ስለነበር ማሽኑ ከሒሳቡ ገልብጦ ሞልቶታል። አሁን ታስተካክለው እንደሆነ ጠየቀችኝ። መኪና እያየሁ፣ እያለቀስኩ ነገርኳት፤ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ከውኃ ጋኑ ወደ ቀኝ፣ ሦስተኛው አረንጓዴ በር፣ ስልኬም ይኸው። የአካባቢውን መለያ ኮድ ስትጠይቀኝ ጮህኩባት።

«ኮዱ ፖስታ ቤቱን ነው የሚያሳየው፣ እኔን አያሳይም! እኔ እዚህ ነኝ!»

«ይቅርታ እህቴ፣ ሳጥኑን ለሒሳብ ብቻ እተወዋለሁ» አለች። ደግ ልጅ ነች። ያኔ ግን ጠላኋት።

መኪናው አልፎኝ ሄደ፣ ጮህኩ፣ ቆመ። ከሹፌሩ ጎን ዘልዬ ገባሁና በጣቴ እያሳየሁ ቅያሱን አወጣሁት፤ ወፍጮ ቤቱ፣ ጋኑ፣ በሩ። አምቡላንሱ አልመጣም። ሹፌሩ ሲሊንደሩን ትከሻው ላይ አድርጎ ከእኔ ቀድሞ ገባ።

ልብስ ሰፊዋ አልጋው ላይ ተቀምጣ የእናቴን እግር በቀሚሷ ጠቅልላ ይዛለች። ቀና ብላ አላየችኝም። ሹፌሩ ገባውም አልገባውም ቱቦውን ገጠመ፣ ቫልቩን ከፈተ። ኦክስጅኑ ቤቱ ውስጥ ፉጨቱን ለቀቀው፣ የሚተነፍሰው ግን አልነበረም። ዝጋው አልኩት። እሱ ቫልቩን ትቶ ወደ ኋላ አለ፣ እኔ ዘጋሁት።

ለቅሶው ላይ የሩቁም የቅርቡም መጣ። ቤቱ ጠፋኝ ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ጠዋት ሰው ገና አልተበተነም፣ ወንበሮቹም ግቢው ውስጥ ናቸው። በሩ ላይ መኪና ቆመ። ያ ሹፌር አይደለም፣ ሌላ ነው፤ ያኛው ሥራውን ትቷል አሉ። አዲሱ ማንንም ሳይጠይቅ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሳሳት ነው የመጣው። ሲሊንደሩን ከመኪናው አውርዶ አረንጓዴው በር ላይ አቆመና ወረቀቱን አየ። ቀጥሎ የተቀመጡትን ሰዎችና ጥቁር ልብሴን አየ።

«አድራሻው ልክ አይደለም እንዴ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ልክ ነው» አልኩት።