በሰሌዳው ላይ ያልተጻፈው ስም

ታኅሣሥ አንድ ቀን ጠዋት፣ ሮቤ ያለው የቤት ዕቃ መደብር ገና በሩን ሳይከፍት፣ የሽያጭ ኃላፊው ኃይለልዑል ሠራተኞቹን ሁሉ ከብርድ ልብሱ ክምር ፊት ሰበሰባቸው። ነጭ ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ሰቅሏል። እኅተማርያም ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ሰሚያ፣ ጀሊል፣ ደራራ፣ ኢየሩስ። ደግማ አነበበችው። የእሷ ስም የለም።

ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ መደብር ዕቃ ስታሽግ ኖራለች፤ ብርጭቆውን በጭድ፣ ሳህኑን በጋዜጣ። አሁን ግን የበዓሉ ዘመቻ ሲጀመር ስሟ ቀርቷል። ሊያሰናብቱኝ ነው አለች በልቧ። የልጇ የሀይሚ የደንብ ልብስ፣ የቤት ኪራዩ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ጭንቅላቷ ውስጥ ተንጫጫ።

ኃይለልዑል ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ከዛሬ እስከ ከተራ አርባ ቀን አለን። ገና አለ፣ ጥምቀት አለ፣ ጥር ሲገባ ደግሞ ሠርጉ ነው። የስንዴ ማጨጃው ኮምባይነር እዚህ ሲናና ወረዳ ደርሷል፣ ገበሬው ስንዴውን እየሸጠ ነው። አምና በዚህ ወቅት አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሰማንያ ሺህ ሸጠናል። ዘንድሮ አንድ ሚሊዮን ስድስት መቶ ሺህ!»

«ያ ረቢ!» አለ ጀሊል። «ሱቁን ራሱን ልንሸጠው ነው እንዴ?»

ሁሉም ሳቁ። እኅተማርያም ለመሳቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

«አትፍራ ጀሊል። በቀን ሲካፈል አርባ ሺህ ነው፤ ለአንድ ሻጭ አሥር ሺህ። ብርጭቆ የገዛውን ትሪ አሳዩት። ድስት የገዛችውን ጭልፋ አለሽ ወይ በሏት። ከበር ሲገባ "አካም ጅርቱ" ብላችሁ ተቀበሉት፣ ዋጋ ከመጥራታችሁ በፊት ዕቃውን እጁ ላይ አኑሩለት። ከድርሻው በላይ የሸጠ፣ በላይ ከሸጠው ላይ ከመቶ ሁለት ያገኛል። መጨረሻ የወጣ ደግሞ...» ፈገግ አለ። «ዲንሾ የምንከፍተው ሱቅ ሰው ይፈልጋል።»

«እዚያ ብርድ ውስጥ!» አለች ኢየሩስ።

«ስለዚህ ሩጡ! እናንተ ትችላላችሁ፣ አምናም አይቻለሁ። ጥያቄ አለ?»

እኅተማርያም እጇ ሲነሳ ራሷም ደነገጠች። ብትጠይቅ ይብሳል፣ ባትጠይቅ ደግሞ እስከ ማታ አትደርስም።

«አቶ ኃይለልዑል፣ ስሜ የለም። ከነገ ጀምሮ... እንዳልመጣ ነው?»

ኃላፊው ወደ ሰሌዳው ዞረ፣ ወደ እሷም ዞረ። «እንዴ፣ ምን ማለትሽ ነው? አንቺ ሻጭ አይደለሽም። በስምሽ የሚቆረጥ ደረሰኝ የለም፤ ምን ብዬ ልጻፍሽ? ለዋናው መሥሪያ ቤት የምልከው ቅጽም የሻጭ ብቻ ነው።»

«ዋናው መሥሪያ ቤትስ ለበዓሉ ሠራተኛ ቀንሱ ካለ? ቅጹ ላይ ከሌለሁ መጀመሪያ የምቀነሰው እኔ ነኝ።»

ኃይለልዑል ሰሌዳውን እንደገና ከላይ እስከ ታች አየው።

ሰሚያ ከኋላ ተነሳች። «ቆይ፣ አምና ልጇ ታማ አንድ ሳምንት የቀረች ጊዜ እኛ ነን ያሸግነው። አሥራ አንድ ዕቃ ተሰብሮ ተመለሰ! የተመለሰ ሁሉ ከእኔና ከጀሊል ሽያጭ ላይ ተሰረዘ። እቱ በነበረችበት በቀረው ጊዜ ሁሉ ስንት ተመለሰ? ሁለት። ዘንድሮ እሷ ከሌለች እኔ ዛሬውኑ የዲንሾን ሚኒባስ ልያዝ።»

«ወላሂ እውነት ነው» አለ ጀሊል። «እኔ ያሸግኩት ፔርሙስ ከበሩ ሳይወጣ ነው የተንኮሻኮሸው።»

ኃይለልዑል ማርከሩን ከፈተ። ከኢየሩስ ስም በታች «እኅተማርያም» ብሎ ጻፈ። እሷም ትንፋሿን ለቀቀች። እሱ ግን አላቆመም፤ ከስሟ ጎን «5» ጨመረ።

«ድርሻ የሌለው ሰው ሰሌዳ ላይ አይወጣም። በአርባ ቀን ውስጥ ተሰብሮ የሚመለስ ከአምስት እንዳይበልጥ። ቅጹንም እንዲሁ አድርጌ እልካለሁ። ተስማማን?»

«ተስማማን» አለች፤ ሌላ ምን ትላለች።

በሩ ተከፈተ። የመጀመሪያው ደንበኛ የአጋርፋ ሰው ነበር፤ ደርዘን ብርጭቆ ገዛ፣ ሰሚያም ትሪ ጨመረችበት። ካርቶኑ በጋሪ መናኸሪያ ሄዶ፣ ከዚያ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ይጫናል። እኅተማርያም እያንዳንዱን ብርጭቆ ለየብቻ በጭድ ጠቀለለች፣ ካርቶኑን ከጆሮዋ አስጠግታ ነቀነቀች። ምንም አልጮኸም። ቢሆንም ገመዱን ፈታች፣ አንድ እፍኝ ጭድ ጨመረች፣ እንደገና አሰረች።

«እቱ፣ ሰውየው አውቶቡስ ያመልጠዋል!» አለ ጀሊል።

ጋሪው ተነሳ። እሷ ግን ደጃፉ ላይ ቆማ፣ አስፋልቱ የተቦረቦረበት ቦታ ላይ መንኮራኩሩ ሲነሳና ሲወድቅ ዓይኗን ሳትነቅል አየች። አርባው ቀን ገና መጀመሩ ነው።